በኪራይ ደብዳቤ ላይ ስለምትጻፈው «በመቶ»



በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በየቡ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በሰቃ፣ ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል። ለቀማው ይጀመራል፤ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ጫኙና መዛኙ ከየአገሩ ይመጣል፤ ማደሪያም ይፈልጋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ በየግቢው ከጓሮ ለሚኖረው ተከራይ አንዲት አጭር ደብዳቤ ትደርሰዋለች። ደብዳቤዋ ብዙ ጊዜ ከአምስት መሥመር አትበልጥም። ሰላምታ አላት፣ አንዲት «በመቶ» አላት፣ አንድ የብር ቁጥር አላት፣ አንድ ቀንም አላት። ተከራዩ ከእነዚህ ውስጥ የሚያየው የብሩን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን አይቶ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ወይ ዝም ብሎ ይከፍላል፣ ወይ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ይሄዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህችን ደብዳቤ ቀስ ብለን እንድናነባት ነው። አሳቤን አስቀድሜ ልናገር፤ የጭማሪ ደብዳቤ ፍርድ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። በላይዋ የተጻፈችው «በመቶ» ደግሞ ልትመረመር የምትችል ቃል ናት። መርምሮ በጽሑፍ የመለሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ቤቱንም ይይዛል፣ ከአከራዩም ጋር አይጣላም።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ከማታው ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ቀን በአንድ የቡና መጋዘን በጸሐፊነት ይሠራል፤ ማታ ይማራል። የሚኖረው መንደራ ቆቺ ውስጥ ነው። ቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራች አንዲት ክፍል ሰርቪስ ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ውሃውና መጸዳጃው የጋራ ነው። ታናሽ እኅቱ ከገጠር መጥታ ከእርሱ ጋር ትኖራለች፤ አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ለቤቲቱ በወር 3,000 ብር ይከፍላል። ደመወዙ ተቆራርጦ እጁ ላይ የሚደርሰው 8,000 ብር ነው። አከራዩዋ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ የግቢው ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። በዓል ሲሆን ድፎ ዳቦ የሚልኩለት፣ ሲያመው አጥሚት የሚያፈሉለት ሴት ናቸው። ይህን የምናገረው አንባቢ ነገሩን የክፉና የደግ ሰው ጠብ አድርጎ እንዳይወስደው ነው።

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ከትምህርት ሲመለስ ደብዳቤዋን በበሩ ሥር ተገፍታ አገኛት። የእትዬ የልጅ ልጅ የጻፋት ናት። እንዲህ ትላለች፤

«ለተከራያችን። ሰላም ለአንተ ይሁን። እንደምታውቀው የኑሮ ውድነት ስላስቸገረን የቤቱን ኪራይ በመቶ 25 ጨምረናል። ስለዚህ ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ 4,000 ብር እንድትከፍል እናስታውቃለን። የማይስማማህ ከሆነ ቤቱን እንድትለቅ።»

በማግሥቱ ደብዳቤዋን ይዞ ወደ እኛ ዘንድ መጣ። አራት ሆነን ከመመገቢያው ቤት በስተጀርባ ተቀምጠን አነበብናት። ሦስታችን ስለ ብሩ እያዘንን ሳለን አንዲት የሒሳብ ተማሪ እኅታችን ወረቀቱን ወስዳ፣ «ይህ እኮ በመቶ 25 አይደለም» አለች።

እውነትዋን ነው። የ3,000 ብር በመቶ 25 ማለት 3,000ን ለ100 ከፍሎ በ25 ማብዛት ነው፤ 750 ብር ይሆናል። እንግዲያው በመቶ 25 ቢጨመር አዲሱ ኪራይ 3,750 ብር መሆን ነበረበት። ደብዳቤዋ ግን 4,000 ትላለች። ጭማሪው 1,000 ብር ነው፤ 1,000 ደግሞ ለ3,000 ሢሶው ነው፤ ይኸውም በመቶ 33 ከሢሶ። ታዲያ 25 ከየት መጣች? ልጂቱ ጭማሪውን 1,000 ብር ለአሮጌው ኪራይ በማካፈል ፈንታ ለአዲሱ አካፍላዋለች። 1,000 ለ4,000 ሩብ ነው፤ በመቶ 25 ይሆናል። ክፋት የለበትም፣ ስሕተት ነው። ነገር ግን ይህ ስሕተት በብዙ ደብዳቤ ላይ የሚገኝ ነው፤ ሁልጊዜም ጭማሪውን ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተከራይ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር ይህ ይሁን፤ አሮጌውን ኪራይ ከአዲሱ ቀንሶ፣ ልዩነቱን ለአሮጌው አካፍሎ፣ በመቶ ማብዛት። የተገኘው ቁጥር በደብዳቤው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ስለሚጣሉ የቱን እንደሚሉ አከራይን መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ምርመራ ለራስ የሚደረግ ነው። ጓደኛችን ከ8,000 ብር 3,000 ሲከፍል ከደመወዙ በመቶ 37 ተኩል ለቤት ይሄድ ነበር። 4,000 ቢከፍል ግማሹ ሊሄድ ነው። ለምግብ፣ ለእኅቱ ደብተርና ጫማ፣ ለትራንስፖርት፣ ወላጆቹ ዘንድ ለሚልከው የሚቀረው በ5,000 ፈንታ 4,000 ይሆናል። «በመቶ 25» በተባለችው ደብዳቤ ምክንያት የቀረችው የኑሮ ገንዘብ ከአምስት እጅ አንዷን ታጣለች ማለት ነው። እኅቱም ወደ ገጠር ልትመለስ ትችል ነበር። አከራይ የምትጽፈው በመቶና ተከራይ የሚሰማው በመቶ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ብዙዎቻችን ደብዳቤ የደረሰው ሰው ግዴታ የገባ ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1731ኛው አንቀጽ፣ በሕግ የተደረገ ውል ባቋቋሙት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ሆኖ እንደሚያስገድዳቸው ይናገራል። ሕግ ከሆነ ደግሞ አንዱ ወገን ብቻውን ሌሊት ተነሥቶ ሊለውጠው አይችልም። በ1764ኛው አንቀጽ ደግሞ፣ ነገሩ ተለዋውጦ የአንዱ ወገን ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብድበትም እንኳ ውሉ እንደ ጸና እንደሚኖር ተጽፏል። የኑሮ መወደድ እውነት ነው፤ ቢሆንም የውሉ ጊዜ ሳያልቅ ኪራይን ለመጨመር ብቻውን የሚበቃ ምክንያት አይደለም። እንዲሁ ሁሉ የተከራይ ደመወዝ ቢቀንስ ኪራዩ አብሮ አይቀንስለትም። ገመዱ ሁለቱንም ያሥራል።

የጓደኛችን ውል መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈረመና ለሁለት ዓመት የሚቆይ ነው። ስለዚህ እስከ ጳጉሜን 2018 ዓ.ም. ፍጻሜ ድረስ የጸና ነው። ደብዳቤዋ የደረሰችው ግን ገና አሥር ወር ሲቀር ነው። እንዲህ ያለችው ደብዳቤ «ውላችንን እንለውጥ ወይ?» የምትል አሳብ ናት እንጂ ሌላ ምንም አይደለችም። አሳብን መቀበልም አለመቀበልም የተከራይ ፈንታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። በሕጋችን መሠረት ዝምታ እንደ መስማማት አይቆጠርም፤ 1682ኛው አንቀጽ ይህን ይላል። ነገር ግን ከቀድሞ ጀምሮ በውል የተሳሰሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ አንዱ «በተገቢው ጊዜ ካልመለስህልኝ እንደ ተቀበልህ እቆጥረዋለሁ» ብሎ በተለየ ጽሑፍ ውሉን ለመለወጥ ቢጠይቅና ሌላው ዝም ቢል፣ ዝምታው ሊጎዳው ይችላል። ከዝምታም የሚብሰው መክፈል ነው። ለጠብ አልቸኩልም ብሎ አንድ ወር 4,000 የከፈለ ተከራይ፣ በሁለተኛው ወር «አልተስማማሁም» ቢል ማን ያምነዋል? ስለዚህ ደብዳቤ የደረሰው ሰው በሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ፤ አሮጌውንም ኪራይ በቀኑ፣ ማስረጃ በሚተው መንገድ ይክፈል። አከራይ አሮጌውን ኪራይ አልቀበልም ካሉ ገንዘቡን በባንክ ሒሳባቸው አስገብቶ ደረሰኙን መያዝ ይገባል። ኪራዩን ያስቀረ ተከራይ እውነት ይዞ ሳለ ሐሰተኛ ይሆናል፤ ባለመክፈል ይከሰሳልና።

ከፍትሐ ብሔሩ በላይ አሁን ሌላ ሕግ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዝዟል። ለእኛ ነገር ዋናው ግን ይህ ነው፤ በአዋጁ መሠረት የጭማሪውን በመቶ የሚወስነው አከራይ አይደለም። የተቋቋመው ተቆጣጣሪ አካል በዓመት አንድ ጊዜ ለሕዝብ የሚያስታውቀው መጠን ነው። በክልል ከተሞች አዋጁን ሥራ ላይ የማዋል ኃላፊነት የክልሉ ስለሆነ፣ በጅማም ይሁን በአጋሮ የሚኖር ተከራይ ደብዳቤ ሲደርሰው ወደ ከተማው አስተዳደር ሄዶ ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። አንደኛ፣ የዚህ ዓመት የጭማሪ መጠን ተነግሯል ወይ? ሁለተኛ፣ የኔ ውል ተመዝግቧል ወይ? ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በደብዳቤው ላይ ያለችውን «በመቶ» የምንመዝንበት ሚዛን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ጓደኛችንን አሳፈረው። ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው የጽሑፌ ዋና ነገር ስለሆነ አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ውሉን አምጣ ብለነው ሲያመጣ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ኪራይ 2,000 ብር ሆኖ አገኘነው። «የምትከፍለው 3,000 አይደለምን?» ብንለው፣ «አዎን፤ 2,000 የወረቀቱ ነው፣ 3,000 የአፋችን ነው» አለን። ውሉን ሲፈርሙ እትዬ ግብሩ እንዳይበዛባቸው ብለው አሳንሰው እንዲጻፍ ለመኑት፤ እርሱም ቤት ለማግኘት ሲል እሺ አለ። በየወሩም በእጃቸው ይሰጣል፤ ደረሰኝ የለም። ውሉም ሊመዘገብ ወደ ጽሕፈት ቤት አልሄደም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህ የወረቀትና የአፍ ዋጋ በየሰፈራችን የተለመደ ነገር ስለሆነ ማንም እንደ ወንጀል አይቆጥረውም። ጉዳቱ የሚታወቀው የጭማሪ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። በመቶ ሁልጊዜ «ከምን ላይ?» የሚል ጥያቄ አላት። ከ2,000 ላይ ከሆነ በመቶ 25 ማለት 500 ብር ሆኖ አዲሱ ኪራይ 2,500 ይሆናል፤ አሁን ከሚከፍለው ያነሰ ነው። ከ3,000 ላይ ከሆነ 3,750 ነው። ደብዳቤዋ ደግሞ 4,000 ትላለች። እነሆ አንዲት በመቶ ሦስት ኪራይ ወለደች! ተቆጣጣሪው አካል መጠን ቢያስታውቅም የሚያሰላው በተጻፈው ላይ ነው እንጂ በአፍ በተነገረው ላይ አይደለም።

ከእኛ መካከል አንዱ፣ «እንግዲያው ደግ ሆነ! ወረቀቱን ይዘህ ክሰሳቸውና ከእንግዲህ 2,000 ብቻ ክፈል» አለው። ይህ አሳብ ብልኅ ይመስላል፤ እኔ ግን ተቃወምሁት። አንደኛ፣ እርሱም እያወቀ ያልሆነ ቁጥር ፈርሟል፤ በሐሰት ቁጥር ላይ ቆሞ ስለ እውነት መሟገት አይቻልም። ሁለተኛ፣ በዚህ መንገድ የሚረታ ተከራይ ዛሬ ቢረታ ነገ ውሉ ሲያልቅ በዚያ ግቢ አይኖርም፤ ወሬውም በሰፈሩ ተዳርሶ ሌላ ቤት የሚሰጠው አያገኝም። ሦስተኛ፣ እትዬም ያው ናቸው። ተከራዩ ሦስት ወር ሳይከፍል ቢሄድባቸው 3,000 ነው ብለው ዳኛ ፊት ሊጠይቁ አይችሉም። በሁለቱ መካከል የተፈረመ ጽሑፍ ሙሉ ማስረጃ ነውና፣ ምስክር ጠርቶ እርሱን ማፍረስ አይቻልም። በወር ጥቂት ብር ግብር ለማዳን ብለው ሁለቱም ከሕግ ጥላ ውጭ ወጥተው በፀሐይ ቆመዋል።

የአከራይንም ወገን ልናገር፤ ፍርድ ያለ ሁለት ጆሮ አይሆንም። እትዬ ጡረታ የላቸውም። ገቢያቸው ከሁለት የሰርቪስ ክፍሎች የሚገኘው ኪራይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ እንዴት እንደ ተወደደ እናውቃለን። የጅማ ዝናም ደግሞ ብዙ ነው፤ ቆርቆሮ ይዝጋል፣ የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ይበላል። ክረምቱን ጣሪያው አፍስሶ ለማስጠገን ተበድረዋል። የጠየቁት 1,000 ብር ከዕዳው የመጣ እንጂ ከስስት የመጣ አልነበረም። ይህን ግን ደብዳቤያቸው አልተናገረም። «የኑሮ ውድነት» ብላ አለፈች። የጥገናውን ደረሰኝ አያይዘው፣ «ጣሪያውን ለማደስ ይህን ያህል አውጥቻለሁ» ቢሉ ኖሮ ነገሩ ከመጀመሪያው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ደግሞ ኪራይን በትእዛዝ ማውረድ ብቻውን ቤት እንደማያቆም ከታሪካችን መማር አለብን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራዩን ከመቶ 15 እስከ 50 ቀንሶት ነበር። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ለድኻው በዚያን ቀን ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ኪራዩ በዚያው ረግቶ ቀረ። ከቤቱ የሚገኘው ገንዘብ ለጣሪያው ምስማር እንኳ ስለማይበቃ በየከተማው የቀበሌ ቤቶች ተዘነበሉ፣ አዲስም አልተሠራም። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም ኪራይ መጨመርና ተከራይ ማስወጣት ተከልክሎ ነበር፤ እርሱም የችግር ጊዜ መድኃኒት ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ጭማሪ ጨርሶ አይኑር ማለት እንደማይበቃ ነው። መጠኑ የታወቀ፣ ጊዜው የታወቀ፣ ምክንያቱም የተጻፈ ይሁን ነው የምንለው።

ወደ ጓደኛችን ልመለስ። በግቢው አጠገብ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፤ ሁለቱም ያከብሯቸዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ቡና አፍልተው ሦስቱ ተቀመጡ፤ እኔም በእንግድነት ነበርሁ። ጓደኛችን ደብዳቤዋን አውጥቶ፣ «እትዬ፣ እርስዎን ለመክሰስ አልመጣሁም፤ ግን ይህ ቁጥር አልገባኝም» አላቸው። መምህሩ ሒሳቡን በወረቀት ላይ አሳዩአቸው። እትዬ በመቶ 25 ማለት 750 መሆኑን ሲሰሙ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ተቆጧት፤ ከዚያም ሳቁ። ቀጥለው ስለ ጣሪያው ዕዳ ነገሩት። እርሱም ስለ እኅቱ ነገራቸው። እትዬ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እኔስ ልጅቷ ከትምህርት እንድትቀር ብዬ ነው እንዴ?» አሉ።

ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ የተስማሙበት ይህ ነው። የአፍና የወረቀት ዋጋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ፤ ውሉ በእውነተኛው 3,000 ብር ታድሶ እንዲጻፍና እንዲመዘገብ ሆነ። እስከ ውሉ ፍጻሜ፣ እስከ ጳጉሜን 2018 ዓ.ም.፣ ከ3,000 በላይ አይጠየቅም። ክፍያው በየወሩ በባንክ ይገባል። ከመስከረም 2019 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገው ጭማሪ ተቆጣጣሪው አካል ያስታወቀው መጠን ይሆናል፤ እትዬም ከሁለት ወር አስቀድመው በጽሑፍ ይነግሩታል። ለጣሪያው ዕዳ ደግሞ ጓደኛችን የሁለት ወር ኪራይ አስቀድሞ ከፈላቸው፤ ከቡና መጋዘኑ ተበድሮ ነው። ለእርሱም ቀላል አልሆነም፤ ለእትዬም በውል ላይ እውነተኛውን ቁጥር ማስጻፍ ግብር መክፈልን አመጣባቸው። ሁለቱም ጥቂት ጥቂት አጡ፤ ሁለቱም ግን የሚቆሙበት ወረቀት አገኙ።

ሁሉ ጊዜ እንዲህ በቡና ያልቃል አልልም። ሽማግሌ የሌለበት ግቢ አለ፤ ከነዕቃው በሌሊት የተጣለ ተከራይም አለ፤ ኪራይ ሳይከፍል ቁልፉን ይዞ የጠፋም ተከራይ አለ። በአጋሮና በሊሙ ገነት፣ የለቀማው ወራት ሲመጣ የቆየውን ተከራይ አስወጥቶ ለአራት ወር መጤ በእጥፍ ማከራየትም ያጓጓል። እንዲህ ያለው አከራይ መስከረም ላይ የነበረውን ቋሚ ተከራይ የካቲት ላይ እንደማያገኘው፣ ቤቱም ከየካቲት እስከ መስከረም ባዶ ሊያድር እንደሚችል ቢያሰላ መልካም ነበር። 3,000 ብር ለአሥራ ሁለት ወር 36,000 ነው፤ 6,000 ብር ለአራት ወር 24,000 ብቻ ነው።

እንግዲህ ለአከራዮቻችን የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ደብዳቤ መጻፍ ካለባችሁ ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉት። አሁን የሚከፈለውን፣ የሚጨመረውን ብር፣ አዲሱን ኪራይ፣ በመቶውን ከአሮጌው ኪራይ ላይ አስልታችሁ፣ የውሉን ቀን፣ ጭማሪው የተመሠረተበትን የታወጀ መጠንና የሚጀመርበትን ቀን ጻፉ፤ ፈርሙበትም። በበር ሥር አትግፉት፤ በእጅ ስጡት። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የግማሽ ዓመት ጠብ ያስቀራል።

ለእናንተ ለተማሪዎችና ከተማሪነት ወጥታችሁ በየከተማው ለምትከራዩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ደግሞ ይህን እላለሁ። ቤት ስትይዙ አሳንሳችሁ እንድትፈርሙ ሲጠይቋችሁ፣ ያን ዕለት ቤት ያገኛችሁ ቢመስላችሁም ያጣችሁት ብዙ ነው። የምትከፍሉትን ጻፉ፤ የጻፋችሁትን ክፈሉ። ደብዳቤ በደረሳችሁ ቀን ዕቃ ለመጫን ጋሪ ከመጥራታችሁ በፊት እርሳስ አንሡ። አሮጌውን ከአዲሱ ቀንሱ፣ ለአሮጌው አካፍሉ፣ ውሉን አውጥታችሁ ቀኑን ተመልከቱ፣ የከተማውን አስተዳደር ጠይቁ፣ መልሳችሁንም በሳምንት ውስጥ በአክብሮት ጽፋችሁ ግልባጩን ያዙ።

የጓደኛችን እኅት ዛሬም አሥረኛ ክፍል ናት። የደብዳቤዋን ወረቀት ግን ጀርባውን ለሒሳብ መለማመጃ እንዳደረገችው ሰምቼ ደስ ብሎኛል።